ቀምሰህ ስጥ

የራሰ የባጃጅ ሸራ ሽታ ታውቀዋለህ? ፀሐይ ወጥታበት ሲደርቅ፣ ቤንዚን ቤንዚን፣ ላስቲክ ላስቲክ የሚል። ትናንት ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ሲያብለጨልጭ ያ ሽታ ባፍንጫዬ ገባና ደሜ ፈላ። ሌላው ሰው ሽታ ሲሸተው እናቱ ትዝ ትለዋለች፤ እኔ ንዴት። ስማኝማ፣ ልንገርህ።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ባጃጅ እነዳ ነበር። አስረኛ ክፍል ላይ እኔም ትምህርቱን፣ ትምህርቱም እኔን ጠግበን ተለያይተን። ተራችን ገበያው አጠገብ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ክረምት የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ይሰረስራል፣ ተሳፋሪ የለም፤ ሸራውን እንዘጋና አንዱ ባጃጅ ውስጥ ታጭቀን ቀልድ ነው። ቀልድ ስልህ ዝም ብሎ መሰዳደብ እንዳይመስልህ። ሕግ ነበረው።

ሕጉ የጋሼ ነው። ከኛ ሁሉ ትልቅ፣ አንድ እግራቸው አጠር ያለች ሹፌር ነበሩ። ሰው መተረብ ሲያምራቸው መጀመሪያ ራሳቸውን ነው የሚያርዱ። «እኔኮ» ይላሉ አጭሯን እግራቸውን ዘርግተው፣ «ለቀብር እንዳልዘገይ ሰውየው ሳይሞት ነው የምነሳ።» እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። እሳቸው አይስቁም፤ በዓይናቸው ሊተርቡት ያሰቡትን ሰው ነው የሚያዩ። በሳቸው እግር ከሳቀ ዞር ይሉና «አንተስ! ሁለት ደህና እግር ተሰጥቶህ ተኝተህ ትውላለህ፤ አንዷን አውሰኝ እንጂ!» ይሉታል። ካልሳቀ፣ ፊቱ ከጠቆረ፣ ይተውታል። የዚያን ቀን ሆድ ብሶታል ማለት ነው። የተተረበውም ዝም አይልም፤ እግሯ ተዘርግታለታለቻ! እሷኑ ይዞ ይመልስላቸዋል።

ጠላ የምትቀዳ ሴት ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አርጋ ትቀምስ የለ? ክፉ ነገር የለበትም፣ እኔም ጠጥቸዋለሁ ማለቷ ነው። የኛም እንደዚያው። አንዱ ራሱን ሳይነካ ሰው ላይ ከዘለለ ሁላችን ባንድ አፍ «ቀምሰህ ስጥ!» እንልበታለን። አፉን ይይዛል። ደግሞ የሚቀመሰው ለሰው ከሚቀዳው ከዚያው ጋን ነው። የሰው ቀዳዳ ጫማ ልትነካ ከሆነ የራስህን ካልሲ ታወጣለህ። እኔ ሰነፍ ተማሪ መተረብ ሲያምረኝ «አስተማሪው ኤክስን ፈልግ ብለውኝ፣ ይኸው በባጃጅ እየዞርሁ ነው» እል ነበር። እውነት ስለሆነ ቆንጠጥ ያደርገኛል። ካልቆነጠጠህ አልቀመስህም።

ከመሃላችን አንድ ዝምተኛ ነበር። ከፋርጣ ገጠር የመጣ፣ ምላሱ የሚያዝበት ልጅ። ተሳፋሪ ሲያናግረው በጣቱ ይጠቁማል፣ ባገጩ ይመልሳል። ከኛ ጋር ተቀምጦ ይስቃል እንጂ አንድ ቃል አይወጣውም። እኛም ምላሱን አንስተን አናውቅም። ራሱ ያላወጣው ነገር አይነካማ!

አንድ ቀን ጋሼ እግራቸውን እንደለመዱት ሲተርቡ ይኼ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ-እ-እኔኮ...» አለ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ማንም አልቸኮለበትም። «ተ-ተሳፋሪ ገ-ገበያ ትሄዳለህ ወይ ሲለኝ... አ-አ-አዎ እስክል ገበያው ይበተናል።»

ወይኔ! ማን ይሳቅ? ተፈራራን። ጋሼ ናቸው መጀመሪያ የፈነዱ። እንባቸው እስኪወርድ ስቀው «እንግዲያው ተገናኘን! እኔን በእግሬ ስትጠብቀኝ፣ እኔ አንተን በምላስህ ስጠብቅህ፣ ሁለታችን ቀብር ሳንደርስ ሙታኑ ይነሣሉ» አሉት። ልጁ እጁን አፉ ላይ አርጎ ተንፈራፈረ። ወዲያው ወደኔ ዞሮ «አ-አንተ ግን ም-ምላስህ እንዲህ ሮጦ ኤ-ኤክስን እንዴት አጣሃት?» አይለኝም? ክው አልሁ። ደስታ ነው እንጂ ንዴት መች ነበር!

ከዚያ ወዲያ ያወራ ጀመር። ይያዝበታል፣ ግን ያወራል። ተሳፋሪውን «ግቡ» ይላል። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት «እ-እንዴት አደርሽ» ይላታል፤ እሷም እስኪጨርስ እጇን ከማሽኑ ላይ አንስታ ትጠብቀዋለች። አንድ ዓርብ ለኛ ብቻ፣ ሸራው ውስጥ፣ «ዛሬ ሻይ እ-እንጠጣ እላታለሁ፤ ራሴ ነኝ የምላት፣ ማ-ማንንም አልልክም» አለን። ጋሼ ትከሻውን ጨበጥ አደረጉት።

የዚያን ቀን ማታ መውጫ ሰዓት ላይ ያ ሰውዬ መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ባጃጅ ሲጠብቅ ቀልዳችንን ቆሞ የሚሰማ። ሳቁን ሰምቷል፤ ሕጉን አልሰማም። ልጅቷ በሩን ልትዘጋ ወጥታለች። ዝምተኛው ከባጃጁ ወርዶ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተካክሎ፣ ወደሷ ሊሻገር ነው።

ሰውየው እኛን አየና «እኔኮ ችግሬ ቁመናዬ ነው» አለ፤ «ቢሮ ስገባ ሴቶቹ ሥራ ይፈታሉ።» ማንም አልሳቀም። አለመሳቃችን አልታየውም፤ ዓይኑ ሰው ላይ መች ነበር! ወዲያው ድምፁን ከፍ አርጎ «አ-አ-አ-አንተ! ስ-ስ-ስምህን ነግረሃት ሳትጨርስ ሌላ አግብታ ትወልዳለች!» አለው።

ልጁ መንገዱ መሃል ቆመ። አንድ እግሩ ኩሬ ውስጥ ነበር።

ጋሼ ቀስ ብለው «የኔ ጌታ፣ እዚህ ሰፈር ቀምሶ ነው የሚሰጥ» አሉት።

«ቀመስሁ እኮ! በራሴ ቀለድሁ አይደል? ደሞ እናንተ በየቀኑ ትሉት የለ?»

እኔ አልቻልሁም። «አንተ የቀመስኸው ማር ነው!» አልሁት። «ለሱ የሰጠኸው ኮሶ! እኛ ስንለው በሸራ ውስጥ፣ እሱ ከፍቶልን፣ የሚመልስበትን ይዞ ነው። አንተን በምን ይመልስህ? በቁመናህ? ሴት ልጅ ፊት እስኪቀርብ ጠብቀህ ሰው ትገፈትራለህ?»

«ምንድን ነው እናንተ፣ ቀልድ አትችሉም እንዴ?» ብሎኝ አረፈው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሷ ቃል ናት። ሰው በጥፊ መትቶ ጉንጭህ ስስ ነው እንደማለት። አንገቱን ልይዘው ስል ጋሼ በክንዳቸው አገዱኝ። ዞር ስል ዝምተኛው ባጃጁን አስነሥቷል። ልጅቷ ቁልፉን እንደያዘች «ቆይ! ምን ልትለኝ ነበር?» ብላ ጮኸች። የሞተሩ ድምፅ ዋጣት።

በማግሥቱ መጣ። ተሳፋሪ ሲጠይቀው በጣቱ ጠቆመ። ጋሼ እግራቸውን ስንት ጊዜ ዘረጉለት! በአዳዲስ ቀልድ፣ ሌሊት ሲያስቡት ባደሩት። ፈገግ ይልና ሸራውን ያያል። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ፊት መቆምም ተወ። መስከረም ሳይጠባ ባጃጁን ለባለቤቱ መልሶ ሄደ።

አምና ሐሙሲት ከተማ፣ በገበያ ቀን፣ ከባሕር ዳር ስመለስ አየሁት። ሽንኩርት ጆንያ ያራግፋል። ከሚኒባስ ወርጄ ተጠመጠምሁበት። ያለኝን ሁሉ አራገፍሁለት፤ ሚስት እምቢ እንዳለችኝ፣ መንጃ ፈቃዴን እንደተቀማሁ፣ ግንባሬ እንዴት እንደተመለጠ። ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ድምፅ ግን የለውም።

ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ገብቼ በመስኮት እጄን ሰጠሁት፤ አልለቅ አለኝ። አፉን ከፈተ። የአንገቱ ጅማት ተወጠረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩ ላይ አንዲት ፊደል መጣችና ቆመች። ሚኒባሱ ተነሣ።

«ቁም! ሰው እያወራ ነው!» ብዬ ጮህሁ።

ተሳፋሪዎቹ ወደ ውጭ አዩ። የሚያወራ ሰው አላዩም፤ ሳቁብኝ። እሱ ከአቧራው ውስጥ፣ አፉን እንደከፈተ፣ ከኋላ ከኋላችን ይሮጥ ነበር።