ከጆሮዋ ኋላ የቆረጥኳት ቁንጥር ጸጉር

እኔ ክብሪት ነኝ፤ ቶሎ ነው የምነደው። አዳማ ውስጥ ጸጉር ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ትዕግስት ያለኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳልሞክር ቀለም አልቀባም። ከጆሮ ኋላ፣ ከማይታየው ቦታ፣ ቁንጥር ጸጉር ቆርጬ ጫፉን በፕላስተር አስራለሁ። ሙሉውን ልቀባበት ባሰብኩት ውህድ ለውሼ በፎይል እጠቀልለዋለሁ። ቀለሙ ምን ሆኖ እንደሚወጣ፣ ምን ያህል መቆየት እንዳለበት፣ ጸጉሩ ይችለው አይችለው እንደሆነ የምታሳየኝ ያቺ ቁንጥር ናት።

አንድ ቅዳሜ፣ በማግስቱ የምታገባ ሙሽራ ከእጮኛዋ ታላቅ እህት ጋር መጣች። እህትየዋ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የምታስለቅቅ ትራንዚተር ናት። ቀኑን ሙሉ በከባድ መኪና ሾፌር ላይ ስትጮህ የኖረች ሴት፣ እኔም ላይ ያንኑ ድምፅ ይዛ ገባች።

«ማር ቀለም አድርጊያት። ሚዜዎቹ በሙሉ ማር ናቸው።»

የሙሽራዋ ጸጉር ድቅድቅ ጥቁር ነው። «ምን ነክቶታል? ሪላክሰር? ሂና?» አልኳት።

ሙሽራዋ መጀመሪያ እህትየዋን በመስታወት አየቻት። «ምንም አልነካውም» አለች።

ቁንጥሯን ቆርጬ፣ ጥቁሩን የሚያነጣውን ብሊች በኦክስጅን ፈሳሹ ሳህን ላይ በጥብጬ ለወስኳትና በፎይል ጠቀለልኳት። እህትየዋ ሰዓቷን አየች።

«ለቁንጥር ጸጉር ነው እንዲህ የምታስጠብቂን? ቀቢያት እንጂ!»

«እየጠበቅሽ ሻይ ጠጪ» አልኳት።

ፎይሉን ልከፍት ዞርኩ። ጣቴን ሳስጠጋ ይፋጃል! ከፈትኩት፤ እየጨሰ ይንጨረጨራል። በእርጥብ ጥጥ ጠረግ አድርጌ ሳብ ሳደርጋት እንደ ማስቲካ ተለጠጠችና ብጥስ ብላ ጣቴ ላይ ቀረች። ደህና ጸጉር ሲሳብ ትንሽ ይለጠጥና ይመለሳል። ይሄ ሞቷል። ቀና ስል ሴትዮዋ ሳህኔን አንስታ፣ በብሩሽ የሙሽራዋን አናት መሃል እየለቀለቀች ነው።

«እጅሽን አንሺ!» ብዬ አንጓዋን ያዝኩ።

ትለቃለች እንዴ! በክርኗ ደረቴን አለችኝ፤ የፀጉር ማድረቂያው ተንጋሎ ወደቀ። ጣቴን ነከሰችኝ፤ ደሜ እስኪወርድ ነከሰችኝ። እኔም እናቴ ያላስተማረችኝን ስድብ ሰድቤ ጸጉሯን ጨብጬ ግድግዳው ላይ አላተምኳት። ሳህኑ ተሰበረ።

«አቃጠለኝ! ኧረ በማርያም!» አለች ሙሽራዋ።

አንገቷን ይዤ እየጎተትኩ ወደ መታጠቢያው ወስጄ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቅኩባት። የአናቷ ጸጉር ከውሃው ጋር መዳፌ ላይ መጣ። ከስሩ ቆዳዋ ቀልቷል።

«ሂና ተቀብተሻል አይደል?» አልኳት።

«ጥቁሩን። የፓኬቱን።» እያለቀሰች ነው። አንዳንዱ የፓኬት ሂና የብረት ጨው አለበት፤ ብሊች ሲነካው ይፈላል። «ሽበት አለኝ። ገና ድሮ ነው የወጣብኝ።»

እህትየዋ ከግድግዳው ተነስታ መጣች። ከንፈሯ አብጧል።

«ሽበት? አሮጊት ልታስታቅፊው ነበር? ወንድሜን አታለልሽው?» ብላ ያቺን እርጥብ ፊት በጥፊ አጮለቻት። ደገመቻት። ሙሽራዋ እጇን እንኳን አላነሳችም። መሃል ገብቼ በትከሻዬ ስገፋት የጥፍሯ ጫፍ ጉንጬን ቧጨረው። «ዞር በይልኝ! አሁኑኑ ለወንድሜ ደውዬ አስቀረዋለሁ! ነገ ሠርግ የለም!»

ሙሽራዋ ያን ጊዜ ቀና አለች። አፍንጫዋ ይደማል።

«እትዬ፣ እሱ ነው የቀባኝ» አለች።

«ማን?»

«ወንድምዎ። ኩሽና ውስጥ፣ ጓንት አድርጎ፣ ጸጉሬን አንድ በአንድ እየከፈለ። ሽበቴን የሚያውቀው ከተዋወቅን ጀምሮ ነው፤ ይወደዋል እንዲያውም። እኔ ሽበቴን እንዲሁ ልተወው አልኩ። ‹እህቴ ካየችው ሠርጋችንን ታፈርሰዋለች› አለኝ።»

ሴትዮዋ ለሦስተኛ ጥፊ ያነሳችው እጅ እንደተነሳ ቀረ። እኔም ለመምታት ጨብጬ ነበር፤ ፈታሁት።

«እኔን?» አለች። ድምጿ የማላውቀው ሆነ። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ እኮ። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። እኔን ነው የፈራው?»

ሙሽራዋ ባዶ የሆነውን አናቷን በእጇ ዳበሰች።

«በጣም» አለች።