በአማቷ ዓይን ልክ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁላችንም «ሜትሮ» ነው የምንላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ዲዛይነራችን ነው፣ መጀመሪያ ለሽሙጥ ነበር። «ይህ የሚነኩት በተን ስፋቱ ምን ያህል ነው? ስንት ፊደል ይችላል? ስክሪኑን ሳላይ አንዲት ቃል አልተረጉምም» እያለች ስታስጨንቀው ተማረረና «እኛ ተርጓሚ ብንለምን እግዜር ልብስ ሰፊ ሰጠን!» አለ። እሷ ቀና እንኳን ሳትል «ልብስ ሰፊ ሳይለካ ከቆረጠ ማን ይለብስለታል?» አለችውና ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ያን ቀን ነው የወደድኳት።

እኔ ፈታሽ ነኝ። ሌላው የሠራውን ስልክ ላይ እየነካካሁ የሚበላሽበትን ቦታ መፈለግ ነው ሥራዬ፤ ምላስሽ ሹል ነው ይሉኛል፣ አልዋሹም። ሰው ማድነቅ አይቀናኝም። ስለ ሜትሮ ግን ዝም ብል ነውር ይሆንብኛል።

የምንሠራው አፕ መድኃኒት የሚያስታውስ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮሃል፣ የትኛውን ኪኒን ስንት እንደምትውጥ ይነግርሃል፣ የመድኃኒት ዕቃው ውስጥ ስንት እንደቀረህም ይቆጥርልሃል። የሩሲያኛ ተናጋሪ አረጋውያን ማኅበር «ለእኛም በቋንቋችን አድርጉልን» ብሎ ጠየቀ፤ ሜትሮ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ሩሲያኛን የተማረችው እዚያው ሄዳ ነው፤ ያገባችው ደግሞ የሩሲያዊት ልጅ።

ጉዳዩም ያለው አማቷ ላይ ነው። አሮጊቷ ባላቸው ከሞተ ወዲህ አውቶቡስ ማዞሪያው አጠገብ ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ቋንቋችንን ከነተረቱ ይናገሩታል፣ ማንበብ የሚችሉት ግን የራሳቸውን ፊደል ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት የልብ መድኃኒታቸውን ደጋግመው ወስደው ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ልጃቸው፣ ማለትም የሜትሮ ባል፣ ከዚያ በኋላ ቆረጠ፦ «ቤቱን ዘግተን እኛ ጋ ትገባለች፤ አበቃ።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እናቱን ወለል ላይ ተዘርራ ያገኛት እሱ ነው። አሮጊቷ ግን «ከቤቴ ከምታወጡኝ በቁሜ ቅበሩኝ» አሉ፤ እህልም እምቢ ማለት ጀመሩ።

ሜትሮ በመሃል ገባች። «አፑ በሩሲያኛ ሲያልቅ ትሞክረው። ብቻዋን ከቻለች ተዋት፤ ካልቻለች እኔ ራሴ ዕቃዋን እሸክፋለሁ» አለችው። «እሺ፣ እስከ ቅዳሜ» አላት። አፑ የሚለቀቀው ሐሙስ ስለነበር ቅዳሜ ይበቃ ነበር።

ታዲያ ሥራው እንዳሰብነው መች ሆነ! ፕሮግራመራችንን «ቆጣቢው» እንለዋለን፤ በሁለት መስመር የሚያልቀውን በሦስት መጻፍ ያመዋል። «እኛ እኮ አንድ ኪኒን፣ አምስት ኪኒን ብለን እንገላገላለን። ሩሲያኛ ምን ነክቶት ነው ለአንድ ቃል ሦስት ሣጥን የሚያስከፍተኝ?» ይላል።

ሜትሮ ትዕግሥቷ! አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አንድ ሲሆን ታብሌትካ ነው። ከሁለት እስከ አራት ታብሌትኪ። ከአምስት ጀምሮ ታብሌቶክ። ከሃያ በኋላ ግን መጨረሻው ላይ ያለው አኃዝ ነው የሚገዛው፤ ሃያ አንድ ወደ መጀመሪያው ሣጥን ይመለሳል፣ ሃያ ሁለት ወደ ሁለተኛው።»

«አሥራ አንድስ?»

«እሱ አይመለስም። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ያሉት ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ ይቀራሉ። ግማሽ ኪኒን ለሚውጥ ሰው ደግሞ ሌላ ሣጥን ክፈትልኝ።»

«አራተኛ?! ሴትዮ፣ ቤተሰብ አለኝ!» አለ ቆጣቢው። ቢሆንም ከፈተላት፤ እሷም አራቱንም ሞላች።

ረቡዕ ጠዋት ሜትሮ አጠገቤ ሆና እያነበበችልኝ ፈተሽኩ። አንድ አስገባሁ፣ ልክ። ሦስት፣ ልክ። አምስት፣ አሥራ አንድ፣ ልክ። «በቃ፣ እናንተ ሰዎች አምሮባችኋል» ብዬ ልነሳ ስል ሜትሮ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

«እስቲ ሃያ አንድ በይው።»

አልኩት። የስክሪኑን ጽሑፍ አንብቤ ባልረዳም ቁጥር እንደሌለበት አየሁ። እሷ ፊቷ ተለዋወጠ። «አንድ ኪኒን ብቻ ቀርቷል፣ ነው የሚለው» አለች።

ለካ ቆጣቢው ትርጉሙን ስልኩ ላይ ሲጭን አንድ ነገር «አሳምሮ» ነበር። ሜትሮ በመጀመሪያው ሣጥን ውስጥ ቁጥሩ የሚገባበትን ባዶ ቦታ ትታለት ነበር። እሱ ግን የመጀመሪያው ሣጥን ለአንድ ብቻ መስሎት፣ «አንድ ምንጊዜም አንድ ነው» ብሎ ባዶውን ቦታ አንስቶ «አንድ» የሚለውን ቃል በፊደል ጻፈበት፤ የእኛው ጽሑፍ እንደዚያ ስለሆነ። ስልኩ ደግሞ የታዘዘውን ያደርጋል፦ ሃያ አንድም፣ ሠላሳ አንድም ሲመጣበት ያንኑ ሣጥን ከፍቶ «አንድ ቀረህ» ይላል።

«አማቴ የመድኃኒቱን ዕቃ አይታ፣ ስልኩን አይታ፣ የትኛውን ትመን?» አለች ሜትሮ። «ጭንቅላቴ ተነካ ብላ ቁጭ ትላለች። ልጇም አላልኳችሁም ይላል።» ቆጣቢው ጆሮው ቀላ፤ ወዲያው ቁጥሩን ቦታው መለሰው።

እዚህ ላይ ብታቆም ሁላችንም በሰላም ወደ ቤታችን በሄድን። እሷ ግን ከቦርሳዋ የአማቷ ዓይነት ርካሽ ትንሽ ስልክ አወጣች፤ ፊደሉንም ማስተካከያው ውስጥ ገብታ እስከመጨረሻው አተለቀችው። «ሽማግሌ ሁሉ ስልኩን እንዲህ ነው የሚይዘው» አለች።

የአስታዋሹ ገጽ ሲከፈት ከታች ጎን ለጎን ሁለት በተኖች አሉ። በእኛ ጽሑፍ አንደኛው «አስታዋሹን ሰርዝ» ይላል፤ የዛሬው ብቻ ይለፍ ማለት ነው። ሁለተኛው «መድኃኒቱን ሰርዝ» ነው፤ ይህኛው መድኃኒቱን ከነሰዓቱ ከአፑ ጠርጎ ያወጣዋል። በእኛ ቋንቋ ጽሑፉ ቢቆረጥ እንኳ ልዩነቱ ፊት ስለሚመጣ ይታያል። ሩሲያኛው ግን «ሰርዝ» የሚለውን ያስቀድማል፣ ከእኛም ይረዝማል። በዚያች ትንሽ ስልክ ላይ ሁለቱም በተኖች «ኦትሜኒት» ብለው ሦስት ነጥብ አስከተሉና አለቁ። ቁርጥ መንታ! አንዱ የዛሬን ያሳልፋል፣ ሌላው የልብ መድኃኒት ያጠፋል፣ የሚለያቸው ግን የለም።

ዲዛይነሩ ሮጦ መጣ። «ችግር የለም፣ ፊደሉ ራሱ እንዲያንስ አደርገዋለሁ።»

«ዓይኗ ባይደክም ፊደሉን ታተልቀው ነበር?»

«እንግዲያው አሳጥረሽ ጻፊዋ!»

«አሳጥሬ እጽፋለሁ። አንተ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉትን አንዱን ከአንዱ በታች አድርግልኝ፤ ጽሑፉም ሲረዝም ወደ ሁለተኛ መስመር ይውረድ እንጂ አይቆረጥ።»

«ገጹን በሙሉ ልታፈርሺው ነው!» አለ። እውነትም ነበረው፤ ያን ገጽ ለማሳመር ስንት ለፍቷል።

አለቃችን ጫጫታውን ሰምቶ ገባ። ነገ እንደሚለቀቅ፣ ማኅበሩም እየጠበቀ እንደሆነ አስታወሰን። ሜትሮ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሌላው ነገ ይውጣ። የሩሲያኛው እንዲህ ሆኖ አይወጣም። ከወጣ እኔ የተረጎምኩት እንዳይባል» አለች። አለቃችንም «እሺ፣ እሱ ይቆይ» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜን ከእኛ ሁሉ የምትፈልገው እሷ ነበረች! ዝም ብትል ሐሙስ አፑ ይወጣ ነበር፤ አማቷን አጠገባቸው ተቀምጣ «የግራው ይሄ ነው፣ የቀኙ ያ ነው» እያለች ማስጠናት ትችል ነበር። ኮሪደር ላይ ይዤ ይህንኑ አልኳት። «የሷን ማስጠናት እችላለሁ» አለችኝ፣ «የማኅበሩን ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያስጠናቸው ማን ነው?»

ማታ ባሏን ጥቂት ቀን ጨምርልኝ ብላ ለመነችው። «ቃል ቃል ነው» አላት። ሐሙስ ዓይኗ አብጦ መጣች። ማንም ማንንም ሳያዝ ዲዛይነሩ ገጹን አፍርሶ ይሠራ ጀመር፤ እያጉረመረመ፣ ግን እየሠራ። ቆጣቢው በየበተኑ ሥር ለሁለተኛ መስመር ቦታ ከፈተ። ሜትሮ ረጅሙን «አስታዋሹን ሰርዝ» ጣለችና በምትኩ «ኔ ሴቮድኒያ» አለች፤ «ዛሬ አይሆንም» እንደማለት ነው። ሁለተኛውን «አስወግድ» ብላ በሌላ ቃል ጀመረችው፣ መድኃኒቱን አስከትላ። አሁን ቢቆረጡ እንኳ ሊምታቱ አይችሉም። እኔም በዚያች ትንሽ ስልክ ላይ እንደ ጠላት ፈተሽኩት። ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት የሩሲያኛው ተለቀቀ።

ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ፤ ተጠቃሚ ሲጠቀም ማየትም የፈታሽ ሥራ ነው። ልጅየው ቀድሞን ደርሶ በር አጠገብ ቆሟል፣ ትልቅ ባዶ ሻንጣ እግሩ ሥር። አሮጊቷ ጠረጴዛቸው ላይ ሜትሮ ማታውን አፑን ከነመድኃኒቱ ብዛት የጫነችበትን ስልክ፣ የደም ግፊት መለኪያና የመድኃኒት ዕቃ ደርድረው ተቀምጠዋል። ሻንጣውን አንዴ እንኳ አላዩትም።

ስልኩ ጮኸ። ሜትሮ እጇን በእጇ ጨብጣ ቆመች፤ እንዳትረዳቸው ባሏ አስምሏታል። አሮጊቷ አነበቡ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። ኪኒኑን ግን አላነሱም። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለሉ።

«እማዬ፣ መድኃኒቱን እኮ ነው የሚልሽ» አለ ልጃቸው። ወደ ሜትሮም ዞሮ «ይኸው!» አላት።

«ዝም በል አንተ! ግፊትሽ ከወረደ የዚያን ቀኑን ዝለይው ብሎኛል ሐኪሙ። ወርዷል።» መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ጣታቸው አየር ላይ ቆየች። የላይኛውን፣ «ዛሬ አይሆንም» የሚለውን ተጫኑት። መድኃኒቱም ከአፑ አልጠፋም፤ ስልኩ የነገውን ሰዓትና የቀረውን አሳያቸው።

«ሃያ አንድ ይላል» አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ዕቃውን ሳህን ላይ ገልብጠው ይቆጥሩ ጀመር። ልጅየው ከበሩ መጥቶ አጠገባቸው ተንበረከከ፤ ሲጨርሱ እሱ እንደገና ቆጠረ። ሃያ አንድ ነበር። ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ዕቃው መለሰላቸው።

«እማዬ፣ ከወደቅሽ…»

«ከወደቅሁ ታነሳኛለህ። ልጄ አይደለህ?»

የእናቱን ግንባር ሳመ። ሻንጣውን አንስቶ ቀድሞን ደረጃውን ወረደ፣ ባዶ ስለነበር በየደረጃው እየተጋጨ ይንኳኳል። አሮጊቷ እኛን ሸኝተው በሩን ዘጉ፤ ቁልፉን ከውስጥ ራሳቸው ሲያዞሩት ተሰማን። ሜትሮ ደረጃው ላይ ቆማ ያንን ድምፅ ሰማችና አለቀሰች።