ማሽኔ የጠጣው ድፍርስ

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከስንት ቀን አንዴ ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ውሃ አልሞላ ብሎ ሲያጉረመርም፣ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ አንሶላዋን አጥባ አሰጣች። ቅናት አንጀቴን አሳረረው። በሞተር ውሃዬን እየሳበችብኝ ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

የጠራሁት የማሽን ጠጋኝ መጥቶ ቧንቧውን ዘጋ፤ ከማሽኑ ጀርባ ጎማውን ፈትቶ ከውሃ መግቢያው ትንሿን ወንፊት በፒንሳ ጎትቶ አወጣት። በቀይ ደለል ተደፍናለች።

«እትዬ፣ ውሃ ሲመለስ የመጀመሪያውን ድፍርስ ወደ ማሽኑ ይለቁታል?»

«ታዲያ ሳይሄድብኝ ልጠቀምበት እንጂ!»

«የጎረቤትዎንም ማሽን የማየው እኔ ነኝ። እሳቸው ድፍርሱን ጎመን ያጠጡበታል፤ ሲጠራ ነው ወደ ማሽኑ የሚለቁት።»

ጎመኗን በአጥሩ በኩል አየሁት። እሱንም ስቀናበት ነው የኖርኩት።