ከንፈር ገጥሞ የሚወጣ ድምፅ

አባቴ አፋቸው ተይዞ የተኙ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሥነ ልሳን ተማሪ ነበርኩ። ስልክ ተደውሎልኝ ከአዲስ አበባ አገራችን መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስገባ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ቅያሬ ልብስና አንድ የመለማመጃ ፈተና ብቻ ነው። አስተማሪያችን ያባዛልን ነው፤ ከፊቱ ጥያቄው፣ ከጀርባው መልሱ። የድምፁን ስም አይነግርህም። አፍ ውስጥ የት እንደሚፈጠርና አየሩ እንዴት እንደሚወጣ ይገልጽልህና ድምፁን አንተ ትናገራለህ። ስመለስ ዋናው ፈተና ይጠብቀኝ ነበር።

አባባ የተኙት አስተማሪ የሆነችው ታላቅ እህቴ ቤት ነው፤ ለጤና ጣቢያው ስለሚቀርብ። ጠያቂ ስለሚበዛ የራሷን ነጭ ጋቢ አልብሳቸዋለች። በግ በግ ይሸታል ያለችውን የእሳቸውን ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ደርቦት በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ወንድሜ ገበሬ ነው፤ የአባባን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። የአባባ ቀኝ ጎናቸው ሞቷል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ምንም አይሰማኝም ነበር። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፤ ሻይ ሲሰጡኝ እጠጣለሁ። እንዲህ መሆኔ ያስፈራኝ ነበር፤ ፍርሃቱም ቢሆን ከሩቅ ነው።

አባባ የቀረቻቸው አንዲት ቃል ነበረች። ከንፈራቸውን ይገጥማሉ፣ ምላሳቸው ትንሽ ትርገበገባለች፣ ከዚያ ድዳቸው ላይ ትለጠፋለች። አናባቢው ሁሉ ተድበስብሶ አንድ ሆኗል።

«መሬት ነው የሚሉት» አለ ወንድሜ። «ላረሰው ይሁን እያሉ ነው፤ ለሰሚ ግልጽ ነው።»

«መሬት ማለታቸውንስ እኔም ሰምቻለሁ» አለች እህቴ። «እኔም ልጃቸው ነኝ፤ ለልጆቼ እኩል ይሁን ማለታቸው ነው።»

አባባ ቃሏን በደገሙ ቁጥር እነሱም ክርክራቸውን ይደግማሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል አባባ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ ዝምታዬ ሰልችቷት መሰለኝ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችና መልሱን ወደ ራሷ አዙራ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ድዳዊ፣ ነዛሪ ያልሆነ፣ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ የሚሾልክ?»

«ስ።»

«ትናጋዊ፣ ፈንጂ፣ አየሩ ታግዶ የሚለቀቅ?»

«ቅ።»

«ሀሁ ለመቁጠር ነው እንዴ አዲስ አበባ ድረስ የሄድከው? ቄስ ትምህርት ቤት ጨርሰኸው አልነበር?» አለች፤ ቀጠለችም። «ከንፈራዊ፣ ነዛሪ፣ አየሩ ታግዶ የሚለቀቅ?»

«ም።»

«ተሳስተሃል፤ ብ ነው ይላል። ‹በሁለቱም ከንፈር ይገጥማል፣ በሁለቱም ጉሮሮ ይነዝራል። በም ግን አየሩ በአፍንጫ ይወጣል። ከተጠራጠርክ አፍንጫህን ይዘህ ሞክር።›»

አፍንጫዬን ያዝኩ። ም አፌ ውስጥ ታፍና ቀረች። ብ ምንም ሳትሆን ወጣች። በዚህ መካከል አባባ ቃሏን አሉ፣ ወንድሜም ከበሩ ሆኖ «ይኸው፣ መሬት!» አለ።

ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ተስፋም አልነበረኝም። የእጄን ጀርባ ከአፍንጫቸው ሥር አደረግኩ፣ የሌላውን እጄን ጣቶች ጉሮሯቸው ላይ አሳረፍኩ።

«አባባ፣ እንደገና ይበሉልኝ።»

ከንፈራቸው ገጠመ። ጉሮሯቸው ነዘረ፤ በአፍንጫቸው ግን ትንፋሽ አልወጣም። ም አይደለችም። ምላሳቸው ተርገበገበች፤ ይህቺ ር ናት፣ በእሷ ማንም አልተጣላም። ምላሳቸው ድዳቸው ላይ ስታርፍ ጣቶቼ ሥር ያለው ንዝረት አልቆመም። ት ብትሆን ኖሮ ይቆም ነበር፤ ት አትነዝርም። የምትነዝረው ድ ናት።

«ብ፣ ር፣ ድ» አልኩ፣ አሁንም ጥያቄ እንደሚመልስ ተማሪ። የተናገርኩትን የሰማሁት ቆይቼ ነው። «ብርድ ነው የሚሉት። በርዷቸዋል።»

አባባ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ከግራ ዓይናቸው እንባ ወረደ።

እህቴ እጇን ጋቢው ሥር ሰደደችና እግራቸውን ነካች። «በረዶ ሆነዋል፤ ውይ በሞትኩት!» አለች። ወንድሜ ተነሳ። ባናውን ከትከሻው አውልቆ አለበሳቸው፣ ጫፉን ከእግራቸው ሥር ጠቀጠቀው፤ ራሱ በሸሚዝ ቀረ። የመንዝን ብርድ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አባታችን ከሁላችን መካከል ተኝተው በርዶኛል ሲሉን እኛ መሬት ስንካፈል ሰነበትን። ይህ እንኳ በቅጡ አልተሰማኝም። ጉሮሯቸውን የነኩትን ጣቶቼን ብቻ በሌላው እጄ ጨብጬ ያዝኳቸው።

ሙቀቱ ሲገባቸው ፊታቸው ረገብ አለ። ወንድሜ አጎነበሰና «ሞቀዎት አባባ?» አላቸው፤ ከዚያም ራሱን መግታት አቅቶት፣ «መሬቱንስ እንዴት ይሉናል?» አለ።

አባባ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ከንፈራቸው ሳይከፈት እንቅልፍ ወሰዳቸው።