ስድስት ነጥብ ሁለት ስምንት

በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ፣ መቐለ የሚገኝ አንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ የንድፍ ሥራ ማስተማሪያ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ዕድሜዬን በፕላን ክፍል የጨረስሁ ሰው ነኝና ጥያቄው አኮራኝ። ማስተማሪያው ከጸደቀ፣ ከሥራ ዘመኔ በሠልጣኞች እጅ የሚቀር አንድ ነገር ይኖረኛል ብዬም አሰብሁ።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ ለረጅም ዓመታት ጎን ለጎን የሠራን ባልደረባዬ ነበር። ረቂቁን ይዤ ዓይደር ወደሚገኘው ቤቱ ሄድሁ። ሲያገላብጥ ቆይቶ ስድስት እኩል ጎን ያለውን ቅርጽ ከሚያሳየው ገጽ ላይ ቆመ።

«እስቲ አስረዳኝ፤ ሠልጣኝ ነኝ በል» አለኝ እየሳቀ።

ክብ ሣልሁ። የኮምፓሱን ስፋት ሳልለውጥ መርፌውን ከክቡ መስመር ላይ ተክዬ ምልክት አደረግሁ፤ ከምልክቱ ተነሥቼ ሌላ፣ እንዲህ እያልሁ ዞርሁ። ስድስተኛው ከመነሻው ላይ ዐረፈ። ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኘሁ።

«ለምን ገጠመ?»

«ከመሐሉ ወደ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች መስመር ሳብ። የሚወጣው ሦስት ማዕዘን ሦስቱም ጎኖቹ የኮምፓሱ ስፋት ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ማዕዘን ስድሳ ዲግሪ ነው። ስድስት ጊዜ ስድሳ፣ ሙሉ ዙር።»

«ኣንታ ሓወይ፣ አንተ ወንድሜ! ይኼ ገጽ እንከን የለውም» ብሎ ትከሻዬን መታ።

በግምገማው ዕለት የማሠልጠኛው የንድፍ ክፍል ኃላፊ ያንኑ ገጽ ገለጠ። «የክብ ዙሪያ የሬዲየሱ ስድስት ነጥብ ሁለት ስምንት እጥፍ ነው። ስድስት ጊዜ ብቻ ሲለካ ትርፉ የት ሄደ? አሠራሩ ግምታዊ ነው።»

«ስድስት ነጥብ ሁለት ስምንት የጎበጠው መንገድ ርዝመት ነው» አልሁ። «ኮምፓስ ግን ከነጥብ ወደ ነጥብ በቀጥታ ያቋርጣል። ቀጥታው ከጎባጣው ያጥራል፤ ትርፍ ያሉት የስድስቱ ልዩነቶች ድምር ነው።»

በሰሌዳ ላሳይ ተነሣሁ። የእንጨቱ ኮምፓስ ብሎን ላልቶ ኖሮ፣ እየዞርሁ ሳለ እግሮቹ ጥቂት ተሰበሰቡ። ስድስተኛው ምልክት ከመነሻው በጣት ያህል ጎደለ።

«ይኸው ትርፉ መጣ!» አለ ኃላፊው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ባልደረባዬን አየሁት። ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም።

«አንተ ንገራቸው እንጂ» አልሁት።

«እኔም... ግምታዊ ይመስለኛል» አለ። «ለእንጨት ሥራ ይበቃ ይሆናል። ለማስተማሪያ ግን አይሆንም።»

ስወጣ ተከትሎኝ ከበሩ ላይ ደረሰብኝ። «ሓወይ፣ አትቀየመኝ። ከኃላፊ ጋር መከራከር ምን ይጠቅማል?»

«አሠራሩ ትክክል ነው ወይስ ግምታዊ?»

«እሱንማ ታውቀዋለህ» አለኝ።

ረቂቄን ይዤ ወጣሁ። ብሎኑ ለዋሸው ይቅርታ ማድረግ ይቻላል፤ ብሎን አያውቅም።

ውሳኔው በጽሑፍ ደረሰኝ። «የባለ ስድስት ጎኑ አሠራር ግምታዊ ሆኖ ስለተገኘ ረቂቁ ተቀባይነት አላገኘም፤ ማስተማሪያው በሌላ አዘጋጅ ይጻፋል» ይላል። የአዲሱ አዘጋጅ ስም የባልደረባዬ ነው።