«እርሳ» የሚለው ቁልፍ

ዐረብ አገር ያለችው እህቴ «አሞኛል፣ ጠዋት እደውላለሁ» ካለችን ሦስት ቀን ሆነ። እዚህ ቡሬ የሞባይል ዳታ ስለተቋረጠ የምንገናኘው በጎረቤታችን ዋይፋይ ነው። ስልኬ ግን አልገናኝም አለ። ጎረቤታችንን ብጠይቃቸው «ውይ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይረነዋል እኮ!» አሉኝ። ሰው ቀድሞ አይናገርም?

አዲሱን ጽፈው ሰጡኝ። ስልኩ አሮጌውን ይዞ ስላስቸገረ፣ የዋይፋዩን ስም ተጭኜ «እርሳ» የሚለውን ልነካ ስል እናቴ በትከሻዬ በኩል አነበበችና እጄን ያዘችኝ።

«ልጄን? እንዳትነኪው!»

«ዋይፋዩን ነው እማዬ፣ እሷን አይደለም» ብዬ ነካሁት። አዲሱን ቃል ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው ገባ።

የእህቴ መልእክቶች ተከታትለው ወረዱ። የመጨረሻው «ረሳችሁኝ ማለት ነው» ይላል።

እናቴ ዞራ አየችኝ።