ሰባት ጭረት ያለበት ጣሳ

ከሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ እላለሁ። እኔ ብዕር የሚይዝ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ አንድ መስመር ስጽፍ እጄን ያልበኛል። ግን የሆነውን አይቻለሁ፣ የነገሩ ባለቤትም አትጽፈውም። ስለዚህ እንደምናወራው አድርጌ ልጻፈው። የተሳሳትኩት ካለ አንባቢ በልቡ ያርምልኝ።

ሴትዮዋን ሰፈሩ «የችግኟ እናት» ይላታል። በቦዩ ዳር አትክልት የምናለማ ሰባት ቤቶች ነን። ዘሩን የምትገዛው እሷ፣ መደቡን የምታዘጋጀው እሷ፣ ችግኙን አጠጥታ አሳድጋ ለየቤቱ የምታካፍለው እሷ። ማንም አልሾማትም፤ እጇ ስለሚያበቅል ብቻ ነው። ፊደል አታውቅም። ቁጥር ግን፣ ገበያ ቆማ ያደገች ናትና፣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ጣሳ ስትገዛ ገልብጣ ቁጥሮቹን ታያለች፤ ዘጠና የሚለውን፣ ዘጠና ዘጠኝ የሚለውን፣ ከታች የተመታውን ቀን። ሥዕሉንና ቀለሙን ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ትለየዋለች፤ አረንጓዴ ጣሳ፣ ነጭ መስመር፣ ድብልብል ያለ ጥቅል ጎመን።

የእኛ ሰፈር አንድ ልማድ አለው። ዘሩ ካለቀ በኋላ ጣሳው አይጣልም፤ ባዶውን ቤት ለቤት እንካፈለዋለን። ሙልጭ ተደርጎ ይታጠብና ለግብርና መደብሩ ይመለሳል። ባለመደብሩ ለሁለት ባዶ ጣሳ አንዲት የካሮት ዘር ከረጢት ይመርቃል። እኛም «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» እያልን እናመሰግነዋለን። ጣሳው ሳይጨማደድ እንዲደርስ በጨርቅ የሚጠቀልሉ እንኳ ነበሩ።

በዚያ ወር ችግኙ ሃያ ስድስት ቀን ሞልቶት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሰባቱም ቤት ቅርጫት ይዘው መጥተው ሊነቅሉና ሊተክሉ ቀጠሮ ይዘዋል። ቦዩ ከአራት ወር በኋላ ለጥገና ይዘጋል። ጥቅል ጎመኑ ከዚያ በፊት ራስ ካልያዘ ሰባት ቤት ዓመቱን ባዶ እጁን ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ችኩሌ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። ስሟ እንደሚናገረው ናት፤ ምሳዋን ቆማ የምትበላ።

«እትዬ፣ ዛሬውኑ ልንቀለው?»

«ነገ ተባለ፣ ነገ ነው።»

«ነገማ እግሬ ይቃጠላል። መሬቴ ታርሶ አፉን ከፍቶ ነው ያለው።»

«አንቺስ መቼ አፍሽ ተዘግቶ ያውቃል?» አለቻትና ሁለቱም ሳቁ።

የችግኟ እናት እየሳቀች ባዶውን ጣሳ ልታጥብ ጀመረች። ጠርዙ ላይ ባለመደብሩ የለጠፈው ወረቀት ነበር፤ ውሃ ሲነካው ተላጠ። ከሥሩ ጭረት አየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ሰባት ናቸው። ሰባተኛዋ እንደ መንጠቆ ተጣማለች።

ሳቋ እዚያው ቀረ።

እነዚያን ጭረቶች የጫረችው እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት መደቡ ገና የጋራ ሳይሆን ዘሩን በጠርሙስ ክዳን እየሰፈረች ለየቤቱ ስታድል፣ አንድ ቤት በወሰደ ቁጥር በምስማር ጠርዙን አንዴ ትጭር ነበር። ሰባተኛው ላይ ምስማሩ አንሸራቷት ጣቷን ወግቷታል። ጣሳውን አጥባ ለመደብሩ የመለሰችውም ራሷ ናት። አሁን ደግሞ ያንኑ ጣሳ በዘር ተሞልቶ ገዝታዋለች።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ምንም። ፀሐዩ ነው» አለች፤ ጣሳውን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ያኔ ያለፈው ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። ስትገዛው በፕላስቲክ ክዳኑ ዙሪያ ፕላስተር ተጠምጥሞበት ነበር። ከክዳኑ ሥር ሁልጊዜ በቢላ የምትቀደው ብልጭልጭ ማሸጊያ አልነበረም። ባለመደብሩን ጠይቃዋለች። «ፋብሪካው አሠራር ቀይሯል፣ እማማ» አላት። ጣሳውን ገለበጠች። ቀኑ የነበረበት ቦታ ተፈግፍጎ ነጥቷል፤ ስትገዛው ቀለሙ የለቀቀ መስሏት አልፋው ነበር። ረጅሙ ቁጥር ግን አለ።

የግብርና ባለሙያዋ ቢሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ላብ በላብ ሆና ደረሰች። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ጣሳውን ወደ መስኮቱ ወስዳ እያገላበጠች አነበበችላት።

«ይሄ የዝርያው ስም ነው። ዘጠናው የመብቀል አቅሙ፤ ከመቶ ዘጠና ይበቅላል ማለት ነው። ዘጠና ዘጠኙ ንጽሕናው። እዚህ የአምራቹ ስም፣ አድራሻና ስልክ አለ። የተመረመረበትና የሚያበቃበት ቀን ግን ተፍቋል። ቀን የሌለውን ዘር አይግዙ፣ እማማ።»

«ተፍቋል ብዬ መች ጠረጠርኩ! ደግሞ ሳልዘራ ሞክሬዋለሁ እኮ። መቶ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ዘጠና አንዱ በቀለ።»

ባለሙያዋ ጣሳውን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «መብቀል ሌላ፣ ዓይነቱ ሌላ ነው» አለች። «ተራ የጓሮ ጎመን ዘርም ይበቅላል። ፍሬው ከዚህኛው አይለይም።»

«ችግኙን መጥተሽ ብታዪልኝስ?»

«ባየውም አልለየውም። በዚህ ዕድሜ ቅጠላቸው አንድ ነው። የሚታወቀው የመጠቅለያው ጊዜ ደርሶ ሳይጠቀልል ሲቀር ነው።»

ስልኩን አንስታ ጣሳው ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለች። ረጅሙን ቁጥር፣ አብሮ የታሸገው ዘር የሚለይበትን ባች ቁጥር የሚሉትን፣ አንድ በአንድ ጠራች። ከዚያ ወገን ያለው ሰው ጥቂት አስጠበቃትና መለሰ። ባለሙያዋ ስልኩን ዘጋች።

«ይሄ ባች ተሸጦ ካለቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ጣሳው የእነሱ ነው። ውስጡ ያለው የማን እንደሆነ አያውቁም።» ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማዳበሪያስ ከማን ገዙ?» አለች።

ከዚያው ከባለመደብሩ እንጂ ከማን ትገዛ!

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ሰባቱ ቤት የሚካፈለው የዩሪያ ከረጢት ጥግ ላይ ቆሟል። ባለሙያዋ እንዳለቻት መጀመሪያ ስፌቱን አየች። ከክሩ ከፍ ብሎ ሌላ የመርፌ ቀዳዳ ረድፍ አለ፤ ከረጢቱ አንዴ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። ፊቱ ላይ አርባ ስድስት ይላል፤ ከመቶ ኪሎው አርባ ስድስቱ ናይትሮጂን ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ቁጥር እንደሆነ ጣሳውም ላይ ትክክል ነበር።

ከረጢቱን ፈታ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረችና አማሰለች። ንጹሕ ዩሪያ ሙሉ ለሙሉ ይሟሟል፣ ብርጭቆውም እጅ ላይ ይቀዘቅዛል። ብርጭቆው ትንሽ ቀዘቀዘ። ከሥር ግን ግራጫ አሸዋ ተኛ። ብታማስለው ይነሳል፣ ተመልሶ ይተኛል።

ገና እያየችው ሳለ ሞተር ብስክሌት ደጇ ላይ ቆመ።

ባለመደብሩ ነው። ደጃፏን ረግጦ የማያውቅ ሰው! ሁለት የካሮት ዘር ከረጢት ይዞ ገባና ሳይባል ተቀመጠ። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ካለው ብርጭቆ ላይ አረፈ። ዓይኑን ከዚያ አላነሳም።

«እማማ፣ ዛሬ ብዙ መንገድ ሄዱ አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«መንገድ ነዋ ሰው የሚያይበት። ደከሙ ብዬ ነው የመጣሁት። ያቺን ባዶ ጣሳ ይዤልዎት ልሂድ።»

«ገና አልታጠበችም።»

«እኔ አጥባታለሁ።»

«አንተ ጣሳ ማጠብ ከጀመርክ እኛ ምን እንሠራለን፣ ልጄ?»

ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ አወራት፤ ልክ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ።

«ይስሙኝ። ጣሳውን ማን መለሰው? እርስዎ። ማን ገዛው? እርስዎ። መደቡ ላይ ማን ዘራው? ሰባት ቤት ነገ ሲጠይቅ እኔን አይጠይቅም። ችግኙ አምሮበታል። ይትከሉት። ከሦስት ወር በኋላ ካልጠቀለለ፣ አፈሩ ነው ይባላል፣ ሙቀቱ ነው ይባላል። ያንጊዜ ማን ያስታውሳል?»

«እኔ።»

«እርስዎማ እጅዎ የሚያበቅል ነው ይባላል። ለምን ስምዎን ያጠፋሉ?»

እውነቱን ልናገር፤ ይህ ቃል ልቧን ነካው። እሷ ራሷ በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «ጣሳውን ልሰጠው ተነስቼ ነበር። እግሬ ነበር የተነሳው።» ሃያ ዓመት የተሠራ ስም በአንድ ጠዋት ሲፈርስ ታያት። ችኩሌ አፏን ይዛ ስትጮህ ተሰማት። ችግኙን ብታስነቅል፣ ሌላ ዘር ፈልጎ እንደገና አንድ ወር መጠበቅ፤ ቦዩ ከመዘጋቱ በፊት ይድረስ አይድረስ ማን ያውቃል? ዝም ብትል ግን መሬቱም፣ ውሃውም፣ ያ አሸዋ የተቀላቀለበት ማዳበሪያም ሦስት ወር ሙሉ ይባክናል፣ መጨረሻ ላይ የሚታጨደው ቅጠል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጣሳውን አነሳች። እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ነጠላዋ ውስጥ አስገባችውና ወደ በሩ አመለከተችው።

«መሸብህ፣ ልጄ።»

ተነሳ። የካሮት ዘሩን አልተወም። በሩ ላይ ዞር ብሎ መደቡን፣ አጥሩን፣ ቤቱን፣ አንድ በአንድ አየ፤ ሊገዛው እንደሚፈልግ ሰው። «ደህና ይደሩ፣ እማማ» አለና ሄደ። የሞተሩ ድምፅ ቶሎ አልራቀም። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። መነሳቱን አልሰማችም።

በማግስቱ ጠዋት ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ የችግኝ መደቡን በር በሰንሰለት ዘጋች። ከዚያ መዶሻና ምስማር ይዛ ችኩሌ ቤት ሄደች። ችኩሌ ቅርጫቷን አዝላ በር ላይ ቆማለች።

«እትዬ! እኔ ቀደምኩ ስል አንቺ ቀደምሽ! ምስማሩ ምንድን ነው?»

«ባዶ ጣሳዎችሽን አምጪ። ችግኙ አይተከልም። የገዛሁት ዘር የውሸት ነው።»

ችኩሌ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች። ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ገብታ ሦስት የታጠቡ አረንጓዴ ጣሳዎች አመጣች።

የችግኟ እናት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። የመጀመሪያውን ገልብጣ ቂጡ ላይ ምስማሩን አቆመች፤ በመዶሻ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ በሳችው። ዘር ዳግመኛ የማይቋጥር እስኪሆን። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች፤ እዚያም ያንኑ ቃል ተናገረች፣ ያንኑ ምስማር መታች። እያንዳንዱ በር ላይ የሰደቧት አሉ፣ ያለቀሱ አሉ፣ ዝም ብለው ጣሳ ያቀበሏት አሉ። እኔ ዝም ካሉት ነኝ።

ሰባተኛው ቤት መታጠፊያው ጋ ነው። የባለመደብሩ ሞተር ከማታው እዚያው ቆሟል፣ ሰው የለበትም። አጠገቡ አለፈች፤ መዶሻውን በቀኝ እጇ አጥብቃ ይዛ በሩን አንኳኳች።